«ልክ» ከሚል ስም ሥር ምን ይጻፋል? የአንድ መሪ ቃል የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ ያሰብኩት ስሙ አጭር ስለሆነ ሥራው ቀላል መስሎኝ ስለነበር ነው። ሁለት ቀን ይበቃኛል ብዬ የጀመርኩት አምስት ሳምንት ፈጀ። የሰዎቹን ስም አላነሳም። የቤቱን ስም ግን መደበቅ አልችልም፤ ጉዳዩ ራሱ ስሙ ነውና።

መነሻው

ቤቱ ልብስ ስፌት ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። ሁለት ሰፊዎች ማሽን ላይ ይቀመጣሉ። በብዛት የሚሰፉት ኮትና ሙሉ ልብስ ነው። ሱሪ፣ ቀሚስና ማስጠበብ ማሳጠርም ይሠራሉ።

ስሙን ያወጡት ባለቤቱ ናቸው፤ «ልክ»። ፈቃዱ ላይ «ልክ ልብስ ስፌት» ይላል። ማህተም ተቀርጿል፣ ደረሰኝ ታትሟል። ስለዚህ ስሙን የመቀየር ነገር ገና ከመጀመሪያው አልተነሳም፤ እኔም አላነሳሁትም። ጥሩ ስም ነው።

ችግሩ የመጣው ቤቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲዛወር ነው። ምድር ቤት ሳሉ በመስታወቱ በኩል ማሽኑና የተሰቀለው ኮት ስለሚታይ ማንም ምን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ፎቅ ላይ ሲወጡ የቀራቸው ምልክት ሰሌዳው ብቻ ሆነ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ «ልክ» ትልቅ ነው፤ «ልብስ ስፌት» የሚለው ከመንገድ ላይ አይነበብም። አንድ ሰው ደውሎ ሚዛን ትጠግናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ስፖርት ቤት መስሎት ደረጃውን ወጣ።

ባለቤቱ የነገሩኝ ባጭሩ ነው። «ልጄ፣ ከስሙ ሥር የምትገባ አንድ መስመር ፈልግልኝ። ስሙን ሳትነካ።»

እነሱ ቀድመው የሞከሩት

ከእኔ በፊት «ጥራት መለያችን ነው» የሚል አሳትመው ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። መስመሩን አንስታችሁ ከቀለም መሸጫ ወይም ከመኪና ጋራዥ ስም ሥር አድርጉት። እኩል ይቀመጣል። እንግዲያው የማንም አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጎደለውን ነገር አልነገረም፤ ሚዛን ይጠገን እንደሆነ የጠየቀው ሰውዬ ይህን ቢያነብም ይደውል ነበር።

ስሙ ይዞት የመጣው ጓዝ

መሪ ቃል ከመጻፌ በፊት ስሙ በአማርኛ ውስጥ የት የት እንደሚገባ በወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ይህ ለማንኛውም ስም የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ስሙ ለብቻው ሲቆም የሚያሳየው አንድ ፊቱን ነው። ሌላ ቃል አጠገቡ ሲመጣ ግን የተኙት ፊቶቹ ይነቃሉ።

«ልክ» አምስት ፊት አወጣ። መለኪያ ነው፤ የጫማህ ልክ ስንት ነው እንላለን። ትክክል ማለት ነው፤ ልክ ነህ እንላለን። ገደብ ነው፤ ልክ የለውም፣ ልኩን አለፈ። «ልክ እንደ» ሲሆን ደግሞ ማነጻጸሪያ ነው፤ ልክ እንደ አባቱ። አምስተኛው የጠብ ቃል ነው፤ ልክ ልኩን ነገረው፣ ልክ አስገባው፣ ልክህን እወቅ።

ባለቤቱ ስሙን ሲያወጡ ያሰቡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው። ደንበኛው የሚያውቀው ግን አምስቱንም ነው።

ይህን ወረቀት ባልጽፍ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር የእህታቸው ልጅ አሳየችን። የመጀመሪያ ስብሰባችን ላይ በሙሉ ልብ ያመጣችው መስመር ይህ ነበር፦

ልክ
ልክዎን እናውቃለን

ለአፍታ ሁላችንም ወደድነው። መለኪያ የሚይዝ ቤት የደንበኛውን ልክ ያውቃል፣ ምን ስህተት አለው? ከዚያ ከሰፊዎቹ አንዱ ማሽኑን አቁሞ ሳቀ። «ደንበኛ ልትሰድቡ ነው?» አለ። እውነቱን ነው። «ልክህን እናውቃለን» በአማርኛ ከየት እንደመጣህ እናውቃለን የሚል ዛቻ ነው። «እርስዎ» ብሎ ማክበሩ ደግሞ አባሰው፤ ስድቡን በአክብሮት አደረገው። «ልክ እናስገባዎታለን» የሚለውን ማን እንዳመጣው ባልናገር ይሻላል።

ስሙን መድገም

በቀጣዩ ሳምንት ወደ አርባ የሚጠጉ መስመሮች ተጠራቀሙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ናቸው፤ «በልክዎ የተሰፋ»፣ «በልክ የሚለካ»፣ «ልክ የሆነ ልብስ»፣ «ለክተን እንሰፋለን»። ሁሉም ከስሙ ሥር ስሙን ይደግማሉ።

ፈተናው ግልጽ ነው። ስሙ ያ ሆኖ ሳለ መሪ ቃሉን ሲጽፉ የመጀመሪያው የሚመጣው ቃል ስሙ ራሱ ነው። ብልህ የሆኑም ይመስላል፤ ቃል ተጫወትን ይባላል። ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ ሁለተኛው «ልክ» የመጀመሪያውን ያደክመዋል። «ልክ» ብቻውን ሲጻፍ አንባቢው ምን ልክ ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ «በልክዎ» ሲል ጥያቄው ሳይጣፍጥ ይዘጋል። በዚያ ላይ መሪ ቃሉ ያለው አራት ወይም አምስት ቃል ብቻ ነው። አንዱን ስሙ ለሠራው ሥራ ከከፈላችሁት ስሙ ላልሠራው ሥራ የቀረው ያንሳል።

የተጠቀምኩበት መንገድ ስሙን በእጅ መሸፈን ነው። መሪ ቃሉን ብቻ አንብቤ ምን አዲስ ነገር ነገረኝ እላለሁ። ከዚያ መሪ ቃሉን ሸፍኜ ስሙን ብቻ አነባለሁ። ሁለቱም ያው ነገር ካሉ አንዱ ሥራ ፈት ነው።

በዚህ መንገድ ሥራውን ከፋፈልነው። «ልክ» ትክክለኛነቱን ይዞታል። መሪ ቃሉ ልብስ መሆኑን መናገር አለበት፤ ያንን ካደረገ በኋላ ቦታ ከተረፈው ይህ ልብስ ሰፊ ከሌላው በምን እንደሚለይ ይናገራል። ይህን ክፍፍል ከወሰንን በኋላ ከአርባዎቹ የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ።

ፊደሉ የደበቀው

ከዘጠኙ ባለቤቱ የወደዱት «ሲሰፋ የሚያምር» የሚለውን ነበር። አጭር ነው፣ ልብስ መሆኑን ይናገራል፣ ማንንም አይሳደብም። እኔም ለሁለት ቀን ያህል አበቃን ብዬ ነበር።

ጮክ ብለን ስናነበው ተበላሸ። አማርኛ በጽሑፍ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ባለቤቱ «ሲሰፋ» ሲሉ ሰን እና ፋን አጥብቀው ነው፤ በመርፌ ሲሰፋ ማለታቸው ነው። መንገድ ላይ የሚያነበው ሰው ግን ሊያላላው ይችላል። ያኔ ልብሱ ሲሰፋ፣ ማለት ሲለጠጥና ሲሰፋበት፣ የሚያምር ይሆናል። «ልክ» በሚል ስም ሥር ሰፊ ልብስ! ስሙና መሪ ቃሉ ተጣሉ።

ለብቻው ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ስሙ ስለ መለኪያ ስለሚያወራ ነው አንባቢው «ሰፋ» የሚለውን ስለ መጠን የሚሰማው። ስሙ ጆሮውን ወደዚያ አዙሮታል።

ይህን ለመያዝ የሚቀለው መንገድ ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ሰጥቶ አንብብልኝ ማለት ነው። ራሳችሁ ካነበባችሁት የምታውቁትን ነው የምታነቡት። እኔ ለስድስት ሰው ሰጠሁ። ሁለቱ አላልተው አነበቡት። ሁለት ይበቃኛል።

«አንቸኩልም» የሚል ሐሳብ ያለበትም አንድ መስመር በዚሁ ሰሞን ወደቀ። ስለ ጥንቃቄ ነው የጻፍነው። የሰማው ሁሉ ግን «ቀጠሮ አያከብሩም ማለት ነው» አለ። ልብስ ሰፊ ስለ ጊዜ ባያነሳ ይሻለዋል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ሌላው እንቅፋት ግሡ ነበር። «ይልበሱ» ብንል ያከብራል፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራውን ሊጀምር ኮት የሚያሰፋውን ወጣት ያርቀዋል። «ልበስ» ብንል ሴቶቹን ይተዋል፣ ትልልቆቹን ይደፍራል። «ልበሱ» ለብዙዎች ይሆናል፤ ሆኖም ልብስ አንድ ሰው የሚለብሰው ነገር ነው። በልክ የሚሰፋ ቤት ደንበኛውን በጅምላ ሲጠራው ደስ አይልም።

ከዚህ የወጣነው ማንንም ባለመጥራት ነው። መሪ ቃሉ ትእዛዝ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ቀርቶ በስም የሚያልቅ ሐረግ ሆነ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ዓረፍተ ነገር የሆነ መሪ ቃል የሚያልቀው «እናደርጋለን»፣ «እንሰጣለን» በሚል ረጅምና ደብዛዛ ቃል ነው። በስም ሲያልቅ ግን የመጨረሻውን ቦታ የሚይዘው ዕቃው ራሱ ነው፤ ልብስ፣ ስፌት፣ ኮት። ምን ቤት እንደሆነ መናገር ለሚያስፈልገው ስም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትከሻው

መሪ ቃሉ የተገኘው ከወረቀት አይደለም። አንድ ከሰዓት ሥራ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ሰው የተዘጋጀ ኮት ገዝቶ ሊያስተካክል መጣ። ባለቤቱ እጅጌውን አላዩም፣ ወገቡን አላዩም። በሁለት እጃቸው ትከሻውን ጫን ጫን አደረጉና «ይህን ይመልሱት» አሉት። ሰውየው ተገረመ። እጅጌ እንደሚያጥር፣ ወገብ እንደሚጠብ፣ ትከሻ ግን አንዴ ከተሳሳተ ኮቱን ከመፍታት እንደማይተናነስ ነገሩት። ስፌቱ የትከሻውን ጫፍ ካለፈ ከእጅጌው አናት በታች ይሰረጉዳል። ካልደረሰ ደግሞ የእጅጌው አናት ክንዱ ላይ ተወጥሮ ይጎተታል።

ሲሄድ «ጋሼ፣ ገንዘብ መለሱ እኮ» አልኳቸው። «ቢሰፋለትም ትከሻው አይቀበለውም» አሉ።

በዚያ ምሽት ሦስት መስመር ጻፍኩ። ሁሉም ትከሻ አላቸው።

የመጀመሪያው «ከትከሻ ጀምሮ» ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። የእህታቸው ልጅ ስልክ እንደምታነሳ አድርጋ ስትለው ግን ጠፋ። «ልክ» በጠንካራ ክ ያልቃል። ቀጣዩ ቃል በከ ሲጀምር ሁለቱ ይዋጣሉ፤ ከስልኩ ወዲያ ማዶ የሚሰማው «ልከትከሻ» ነው። ስሙ የሚያልቅበትን ድምፅ መሪ ቃሉ መጀመሪያ ላይ መድገም እንደሌለበት ያኔ ተማርኩ። ስሙ በአናባቢ ቢያልቅ ኖሮ ችግሩ ባልመጣ።

ሁለተኛው «ትከሻ የሚያውቅ ስፌት» ነው። ሦስተኛው ከዚህ በአንድ ቃል መጨረሻ ብቻ ይለያል፤ «ትከሻ የሚያውቀው ስፌት»። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጀመሪያው የሚያውቀው ስፌቱ ነው፤ ስለ ትከሻ እናውቃለን የሚል ጉራ አለበት። በሁለተኛው የሚያውቀው ትከሻው ነው። የለበሰው ሰው ትከሻ ስፌቱን ይለየዋል፤ ዳኛው ደንበኛው ነው። ባለቤቱ ሁለተኛውን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። የእህታቸው ልጅ «እሺ ብሏል ማለት ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ይህ ሆነ፦

ልክ
ትከሻ የሚያውቀው ስፌት

ስሙ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ከሥሩ ያለው ረዘም ብሎ ይሄዳል። ይህ መመዛዘን ታስቦበት የመጣ ነው ባይባልም ዋጋው ትልቅ ነው። አጭር ስም ረዘም ያለ መሪ ቃል ይሸከማል። ስሙ ራሱ ሦስት አራት ቃል ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው በሁለት ቃል ማለቅ ነበረበት፤ አለዚያ የትኛው ስም እንደሆነ አይለይም። ስሙን ሸፍኜ ሳነበው ልብስ ስፌት እንደሆነ ይገባኛል። መሪ ቃሉን ሸፍኜ ስሙን ሳነብ ደግሞ ያልተባለ ነገር አለ። ለቀለም መሸጫው ስም ብሰጠው አይሆንለትም።

ሲታተም የተበላሸው

ሰሌዳው በሁለት መስመር ተጽፎ ተሰቀለ፤ ጥሩ ሆነ። አዲሱ ደረሰኝ ግን ጠባብ ስለነበር አታሚው ሁለቱን በአንድ መስመር፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ መጠን አደረጋቸው፦

ልክ ትከሻ የሚያውቀው ስፌት

ስሙ የለም። «ልክ» ስም መሆኑ ቀርቶ ለቀጣዩ ቃል አጃቢ ሆነ፤ ልክ ትከሻ የሚያውቀው ዓይነት ስፌት የተባለ ይመስላል። አንድ ደንበኛ ደረሰኙን ይዞ የቤታችሁ ስም ማነው ብሎ ጠየቀ። ጥፋቱ የአታሚው አይደለም። እኔ የሰጠሁት ቃሉን ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደሚቀመጥ አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ወስነን በአንድ ገጽ አስቀመጥን። ቦታ ካለ በሁለት መስመር፣ መሪ ቃሉ ከስሙ በግልጽ ባነሰ ፊደል። አንድ መስመር ብቻ ካለ በመካከላቸው ቋሚ ሰረዝ። ለዚያም ቦታ ከሌለ መሪ ቃሉ ይቅርና «ልክ ልብስ ስፌት» የሚለው ሙሉ ስም ይግባ። የመጨረሻውን ባለቤቱ አልወደዱትም፤ ያገኙትን ሁሉም ቦታ ማየት ፈልገው ነበር። እኔ ግን በዚህ ጸናሁ። ማህተም ላይ መሪ ቃል አይገባም፤ አይነበብምና።

እንደ ስሙ ዓይነት ይህ ችግር ይበረታል ወይም ይቀላል። የተጸውዖ ስም የሚመስል ስም ከአጠገቡ ካለው ቃል ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም። «ልክ» ግን የዕለት ቃል ነው፤ «ገና»፣ «እንዲሁ»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላትን ስም ያደረገ ሰውም ይኸው ይደርስበታል። እነዚህ ቃላት የተሠሩት አጠገባቸው ያለውን ቃል ለመያዝ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ያስፈልጋቸዋል።

ከአራት ወር በኋላ

ስለ ሚዛን የሚደውል ጠፋ። ይህ የመሪ ቃሉ ብቻ ውጤት ነው አልልም፤ ሰሌዳውም በዚያው ጊዜ በትልቁ ተሠርቷል። አንዳንድ ደንበኞች ኮታቸውን ሊለኩ ሲመጡ መጀመሪያ ትከሻቸውን ይነካካሉ። ባለቤቱ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ያልጠበቅነውም መጣ። ስለ ሱሪ የሚጠይቅ ቀነሰ። አንዲት የቆየች ደንበኛ «አሁን ኮት ብቻ ሆናችሁ አይደል?» ብላ ቀሚሷን ሌላ ቦታ አሰፍታ መጣች። ትከሻ ብለን ቤቱን ከወገብ በላይ አደረግነው ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። አንድን ነገር ለይቶ የሚጠራ መሪ ቃል ቤቱን ያስታውሳል፤ የተቀረውን ዕቃ ግን ከደንበኛው ሐሳብ ያስወጣል። መሪ ቃሉ ከመወሰኑ በፊት የቤቱን ሥራ ዝርዝር ይዤ የትኛው ይጎዳል ብዬ ባለቤቱን ብጠይቅ ይሻል ነበር። ምናልባት ኮቱ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራችን ነው፣ ይጎዳ ይሉ ነበር። ምናልባት ሌላ እንፈልግ ነበር። አልጠየቅኩም።

መሪ ቃሉን አልቀየርነውም። የእህታቸው ልጅ በደረጃው መግቢያ ላይ ሌላ ትንሽ ሰሌዳ አሰቀለች። «ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ማስጠበብ፣ ማሳጠር» ይላል። ከሥሩ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ።